ለፔዳ ጓደኛዬ የጻፍኩት ደብዳቤ፦ የጋራ ማጠናከሪያ ትምህርት የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 24 ቀን 2018፣ ቅዳሜ። የመጀመሪያው ረቂቅ

ዛሬ ደብዳቤውን ጀመርኩ። የምጽፈው ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አብራኝ ለተማረች ጓደኛዬ ነው። እኔ ሒሳብ ነበርኩ፣ እሷ ፊዚክስ። አሁን ሁለታችንም አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ እናስተምራለን፤ ትምህርት ቤታችን ግን ለየብቻ ነው። የምጠይቃት ቀላል ነው። ቅዳሜና እሑድ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችን አብረን ብናስጠና ይሆናል ወይ? ከሆነስ እንዴት? ቁጭ ብለን እናስብበት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቶ አራት ገጽ ሆነ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ብሔራዊ ፈተናው ነው። በ2014 ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ እንደደረሱ ጻፍኩ። ሁለተኛው ገጽ የሳምንቱ ፕሮግራም ነው። ሦስተኛው ልጆቹ የት ላይ እንደሚሳሳቱ የሚያወራ ሲሆን አራተኛው ክፍያና የሥራ ክፍፍል ነው።

ማታ እራት ከበላሁ በኋላ እሷን ሆኜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ገጽ ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። ውጤቱ በወጣ ቀን እሷም ተማሪዎቿ መሃል ነበረች፤ ቁጥር ልነግራት አይገባም። ዋናው ጥፋት ግን ሁለተኛውና አራተኛው ገጽ ላይ ነው። ሰዓቱን፣ ዋጋውን፣ የተማሪውን ብዛት፣ እሷ የምታስተምርበትን ቀን ሳይቀር ወስኜ ጨርሻለሁ። ለእሷ የቀራት «እሺ» ወይም «አይ» ማለት ነው። እንምከር እያልኩ የቅጥር ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ሦስተኛውን ገጽ አስቀርቼ ሌላውን ቀደድኩት።

መስከረም 28፣ ረቡዕ። ሁለተኛው ሙከራ

ዛሬ አጠር አድርጌ በቴሌግራም ላክሁላት። «እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ? የማጠናከሪያ ትምህርት ነገር አብረን ብንጀምር ምን ይመስልሻል? ተገናኝተን እናውራበት።» ይኸው ነው።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መለሰች። «አሪፍ ሐሳብ ነው፤ እናውራበት።»

መስከረም 30፣ ዓርብ

ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ጥፋቷ አይደለም። መልእክቴ ውስጥ ቀን የለም፣ ጥያቄ የለም፣ የምታየው ነገርም የለም። አስተማሪ ደግሞ ማታ የሚታረም ደብተር ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። «እናውራበት» የሚል ነገር ከደብተሩ ሥር ይቀበራል።

ስለዚህ ደብዳቤውን ለጊዜው ልተወውና መጀመሪያ ለማሳየት የሚበቃ ነገር ልያዝ። ጥቂት ልጆችን ሰብስቤ ልፈትንና ወረቀታቸውን ይዤ ልጻፍላት።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ። የመጀመሪያው ፈተና

ስድስት የሰፈር ልጆች መጡ፤ ሦስቱ 11ኛ፣ ሦስቱ 12ኛ ክፍል። የአንዷ እናት ሳሎናቸውን ሰጡን፤ ዳቦና ሻይም አቀረቡ። ክፍያ የለም።

ከእኔ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ አልጠራሁም። ይህን ወደፊትም አልለውጠውም። ጠዋት ክፍል የማስተምረውን ልጅ ከሰዓት በገንዘብ ባስጠናው፣ «ክፍል ውስጥ ያስቀረችውን ነው የምትሸጠው» የሚል ወላጅ ይመጣል። እንዲህ ብሎ መጠርጠሩም ትክክል ነው።

ፈተናውን ያዘጋጀሁት ከድሮ ብሔራዊ ፈተናዎች 30 የምርጫ ጥያቄ ለቅሜ ነው። ጊዜው አንድ ሰዓት። ውጤቱ ከ9 እስከ 19 ሆነ። ወረቀቶቹን ይዤ ብቀመጥም ምን እንደማደርግባቸው ጠፋኝ። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ዓይኑን ጨፍኖ የሚያከብ ልጅ ከ30 ጥያቄ ወደ 7 ወይም 8 ያህሉን በዕድል ሊያገኝ ይችላል። ታዲያ 9 ያመጣችው ልጅ ምን ታውቃለች? ከወረቀቱ አይነበብም።

ልጆቹ ሊወጡ ሲሉ ግን አንድ ነገር ሆነ። 17 ካመጣው የ12ኛ ክፍል ልጅ ጋር አንድ የሊሚት ጥያቄ አየን። x ወደ 3 ሲጠጋ (x² − 9)/(x − 3) ስንት ይሆናል የሚል ነው። 6 ብሎ መልሷል፤ ልክ ነው። «እንዴት አገኘኸው?» አልኩት። እንዲህ አስረዳኝ፦ x² ለ x ሲካፈል x፣ −9 ለ −3 ሲካፈል +3። ስለዚህ x + 3። ከዚያ 3 ሲደመር 3፣ 6።

ትክክለኛው መንገድ ላዕሉን (x − 3)(x + 3) ብሎ በትኖ (x − 3)ን ማጣፋት ነው። እሱም የሚያደርሰው x + 3 ላይ ነው። ልጁ በማይሆን መንገድ ሄዶ እዚያው ቦታ ደረሰ። ነገሩ ልዩ አጋጣሚ አይደለም፤ የሁለት ካሬዎች ልዩነት ለሥሮቹ ልዩነት ሲካፈል ሁሌም እንዲህ ያታልላል። በቁጥር ብንሞክረውም (25 − 9)/(5 − 3) 8 ነው፤ 5 + 3ም 8 ነው።

ምልክቱን ቀየርኩና (25 + 9)/(5 + 3) ስንት ነው አልኩት። ወዲያው 8 አለኝ። በካልኩሌተር አስላው አልኩት። 34 ለ 8፣ 4.25 ወጣ። ልጁ ካልኩሌተሩን አጥፍቶ አብርቶ ደግሞ አሰላው።

ይህ ልጅ ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ክፍልፋይ የሚያቃልለው እንደዚህ ነበር ማለት ነው። ያረመለት አልነበረም፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ልክ ይመጣለታላ። ደብዳቤውን በዚህ እንደምጀምረው እዚያው ወሰንኩ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ። ሁለተኛው ፈተና

በዚህ ሳምንት ፈተናውን እንደገና ሠራሁት። 12 ጥያቄ፣ ምርጫ የለውም፣ 40 ደቂቃ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ለሥራ የሚበቃ ባዶ ቦታ ተውኩ። አምስቱ ጥያቄዎች ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል የመጡ ናቸው፤ አራቱ የ9ኛና የ10ኛ፣ ሦስቱ ብቻ የአሁኑ ክፍላቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ አላሰብኩበትም ነበር። ልጆቹ እርሳስና ላጲስ ይዘው መጡ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ቆሜ ሳይ የተሳሳቱትን ሁሉ በላጲስ እያጠፉ ነው። እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው። አስቆምኳቸውና ከሱቅ ስድስት ቢክ ገዝቼ መጣሁ፤ 120 ብር። «የተሳሳታችሁትን በአንድ መስመር ሰርዙት፣ እንዲነበብ ተዉት» አልኳቸው። ከዚህ በኋላ በእስክሪብቶ ብቻ።

ጥያቄዎቹን የመረጥኳቸው የተሳሳተ መንገድ የሚሰጠውን መልስ አስቀድሜ አስልቼ ነው። ለምሳሌ 5 − 2(x − 3) = 1 የሚለውን የቅንፉን ምልክት በትክክል የሚበትን ልጅ x = 5 ያገኛል። −2ን ከ −3 ጋር ሲያባዛ −6 የሚል ልጅ ደግሞ x = −1 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ −1 ካየሁ ሥራውን ሳላነበው እንኳ የት እንደሳተ አውቃለሁ። የሊሚቱንም ጥያቄ ወደ (x² + 9)/(x + 3) ቀየርኩት። x ወደ 3 ሲጠጋ ትክክለኛው መልስ 3 ነው። እንደዚያ ልጅ በየተራ የሚያካፍል ግን 6 ይላል።

አራቱ 6 አሉ።

አንዷን የፊዚክስ ጥያቄ ያስገባሁት ጓደኛዬን አስቤ ነው። 20 ኦምና 30 ኦም ሬዚስተሮች በፓራለል ተያይዘዋል፤ ጠቅላላው ስንት ነው? 1/R = 1/20 + 1/30 ነው። ድምሩ 5/60፣ ማለትም 1/12 ይሆናል፤ ስለዚህ R = 12 ኦም። ከስድስቱ አንዷ ብቻ አገኘችው። ሦስቱ 50 አሉ። ሁለቱ 1/12 ብለው ቆሙ።

ከፍ ብላ ደግሞ 1/2 + 1/3 የምትል ጥያቄ ነበረች። አራቱ 5/6 ብለው በትክክል መልሰዋል። ሁለቱ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው 2/5 አሉ። 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ነው 2/5 ያለው። ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ጨምረህ ከግማሽ ያነሰ እንዴት ይሆናል ስለው ደነገጠ። እንደዚያ ብሎ አስቦት አያውቅም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። እርማት

ስድስት ወረቀት ለማረም አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ወሰደብኝ። በዚህ ፍጥነት የትም አልደርስም። የፈጀብኝ በየወረቀቱ ጠርዝ ላይ ማብራሪያ መጻፉ ነው። ስለዚህ ለስህተቶቹ ፊደል ሰጠኋቸው፦ ክ ለክፍልፋይ፣ ም ለምልክት፣ ቋ ለቋንቋ፣ ት የክፍሉን ትምህርት ራሱን ላለማወቅ። ሦስቱን ወረቀት በዚህ መንገድ ደግሜ ሳርም 25 ደቂቃ በቃኝ። ወረቀቶቹን አንዴ ማየቴም ሳያግዘኝ አልቀረም።

ከ72 መልስ 41ዱ ስህተት ነው። ከእነዚህ 17ቱን ክ፣ 11ዱን ም፣ 5ቱን ቋ፣ 8ቱን ት አልኳቸው። ቋ የሚለው የእንግሊዝኛው ነገር ነው። ስሌቱን ይችላሉ፤ ግን "in terms of x" የሚለውን ሐረግ ሳያውቁት ዘለሉት።

ስድስት ልጅ ስድስት ልጅ ነው፤ ስለ ሀገሩ ተማሪ ሁሉ ይህን ይዤ አልናገርም። ለእነዚህ ስድስቱ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ከ41 ስህተት 28ቱ 12ኛ ክፍል ከመድረሳቸው በፊት የተቀመጡ ናቸው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያሰብኩት የ12ኛ ክፍልን መጽሐፍ ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ መከለስ ነበር።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ። ሒሳቡ

ለጓደኛዬ ስለ ገንዘብ የምነግራት እውነት መሆን አለበት። ዛሬ በወረቀት ሠራሁት።

ሰፈር ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ብቻ የሚከራይ አንድ ክፍል አግኝቻለሁ፤ በወር 3,000 ብር። አንድ ልጅ ለሁለቱም ትምህርት በወር 900 ብር ቢከፍል፣ የስድስት ልጅ ቡድን 5,400 ያስገባል። ኮፒ አንዱ ገጽ 4 ብር ነው። ለአንድ ልጅ በሳምንት 8 ገጽ ካልን በወር 192 ገጽ፣ 768 ብር። ማርከር 250። የሚተርፈው 1,382 ነው፤ ለሁለት 691።

መጀመሪያ ይህን ከማስተማሪያው ሰዓት ጋር ብቻ አነጻጸርኩትና መጥፎ አልመሰለኝም። ከዚያ እርማቱን ረስቼ እንደነበር ትዝ አለኝ። እያንዳንዳችን በወር 8 ሰዓት እናስተምራለን፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ከታረመ ደግሞ 6 ሰዓት ይጨመራል። 691 ለ 14 ሰዓት፣ ወደ 49 ብር በሰዓት። የታክሲው ገና አልተነሳም።

በዚያው ክፍል ሁለት ቡድን ብናስጠናስ? ገቢው 10,800 ይሆናል። ኪራዩ ያው 3,000 ነው። ኮፒ 1,536፣ ማርከር 350። 5,914 ይተርፋል፤ ለየአንዳንዳችን 2,957። ሰዓቱም 28 ስለሚሆን በሰዓት ወደ 106 ብር ነው። ቤት ለቤት እየሄዱ አንድ ልጅ ማስጠናት ከዚህ የበለጠ ይከፍላል። ይህን አልደብቃትም።

የልጁን ቁጥር ወደ 15 ማሳደግም ይቻላል፤ ገንዘቡ ወዲያው ይስተካከላል። ግን አሥራ አምስት ወረቀት ላይ ክ እና ም እየጻፍኩ እያንዳንዱን ልጅ «እንዴት አገኘኸው?» ብዬ መጠየቅ አልችልም። ያ ከቀረ ደግሞ እኛ የምንጨምረው ነገር አይኖርም፤ ክፍል ውስጥ የሚያገኙትን ያንኑ እየደገምን ነው። ስንት ልጅ የሚለውን ጥያቄ ግን ብቻዬን አልዘጋውም። ለእሷ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ። ሦስተኛው ደብዳቤ

በእጄ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ነው። ከሁለት ወረቀት ፎቶ ጋር፣ የልጆቹን ስም ሸፍኜ፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። የልጆቹንም የወላጆቻቸውንም ፈቃድ አስቀድሜ ጠይቄያለሁ። ደብዳቤው ይኸውና፦

> ይድረስ ለውድ እህቴ፣
>
> ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደኅና ነኝ። ባለፈው «እናውራበት» ብለን የቀረውን ነገር ዛሬ አሳጥሬ ልጽፍልሽ ነው።
>
> አብረው የተላኩትን ሁለት ወረቀቶች እዪልኝ። የመጀመሪያው ልጅ የሊሚት ጥያቄን ልክ ሲመልስ ነበር፤ መንገዱ ግን የተሳሳተ ነው። ምልክቱን ብቻ ስቀይርበት ወደቀ። ሁለተኛዋ 20ና 30 ኦም በፓራለል ሲያያዙ 50 ብላለች። የሁለቱም ችግር ክፍልፋይ ይመስለኛል። እኔ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ሆኖ ይመጣል፣ አንቺ ክፍል ውስጥ ፊዚክስ ሆኖ ይመጣል። ለየብቻችን የምናየው አንዱን ጎን ነው።
>
> ሐሳቤ ይህ ነው። አንድ የመለያ ፈተና አብረን እናውጣ። ልጁ የት ላይ እንደቆመ ሁለታችንም ከአንድ ወረቀት እንይ። ቅዳሜ እኔ ክፍልፋይን ካስተማርኩ፣ እሑድ አንቺ ያንኑ በሬዚስተርና በሌንስ ታሠሪያቸዋለሽ። ከዚህ በላይ የወሰንኩት ነገር የለም።
>
> ገንዘቡን በግልጽ ልንገርሽ። በስድስት ልጅ ሁለት ቡድን ብንይዝ፣ እንደ ሒሳቤ በወር ለየአንዳንዳችን 3,000 ብር ገደማ ነው፤ እርማቱን ጨምሮ ለ28 ሰዓት ሥራ። ቤት ለቤት ይበልጣል። ስሌቱን በሌላ ወረቀት አድርጌዋለሁ፤ የሳትኩት ካለ አርሚኝ።
>
> አብረን እንድናስብባቸው የምፈልጋቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። በአንድ ቡድን ስንት ልጅ? ከየትኛው ክፍል እንጀምር? ልጁ መሻሻሉን ከስምንት ሳምንት በኋላ በምን እናውቃለን?
>
> ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እኔ ቤት ብትመጪ ደስ ይለኛል። እስከ 5 ሰዓት እንጨርሳለን። ተማሪዎችሽ ደጋግመው የሚሳሳቱባቸውን አምስት ጥያቄዎች ይዘሽልኝ ነይ። ካልተመቸሽ ወይም ካልፈለግሽ ዝም ብለሽ «አይሆንልኝም» በዪኝ፤ ቅር አይለኝም።
>
> አክባሪሽ ጓደኛሽ

ወረቀታቸውን ለጓደኛዬ እንደምልክ ለልጆቹ ነግሬያቸው ነበርና አንደኛዋ «ፊዚክሷ ቲቸር ትስቅብኛለች?» አለችኝ። አትስቅም አልኳት። እውነቴን ነው፤ አውቃታለሁ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ። መልሱ

እሑድ ማታ ደወለችልኝ። አርባ ደቂቃ አወራን። የመጀመሪያ ቃሏ «የሬዚስተሩን ተሳስተሻል» የሚል ነው።

ወረቀቶቹን ሁሉ እንድልክላት ጠየቀችኝ፤ ላክሁ። 1/2 + 1/3ን እና ሬዚስተሩን ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። እኔ ይህን አላደረግኩም ነበር። 50 ካሉት ሦስቱ መካከል ሁለቱ በእርግጥ 2/5 ያሉት ናቸው። ሦስተኛው ግን 1/2 + 1/3ን 5/6 ብሎ በትክክል ሠርቷል። ክፍልፋይ መደመር የሚችል ልጅ ለምን 50 አለ? ክፍልፋዩ ጋ አልደረሰማ! 20ና 30ን ዝም ብሎ ደመረ። ያ የሲሪስ ቀመር ነው። ፓራለል ምን እንደሆነ አያውቅም።

1/12 ብለው የቆሙት ሁለቱም እንዲሁ ናቸው። ክፍልፋዩን በትክክል ደምረዋል። የጎደላቸው 1/R ራሱ R አለመሆኑን ማስታወስ ነው። መልሱ ከአንድ ኦም በታች ሲሆን ምንም አልደነቃቸውም።

ከአምስቱ ስህተቶች ሦስቱን አለቦታቸው ክ ብዬአቸው ነበር። ቁጥሩን አስተካክያለሁ፦ ክ 14፣ ም 11፣ ቋ 5፣ ት 11። ከታችኛው ክፍል የመጣው ከ28 ወደ 25 ዝቅ አለ። አሁንም ብዙ ነው፤ ግን ደብዳቤዬ ላይ «የሁለቱም ችግር ክፍልፋይ ይመስለኛል» ያልኩት በከፊል ብቻ ነው የሚሠራው።

እሷ የምታስተምረው እንዲህ ነው። ቀመሩን ከመጻፏ በፊት ስለ ቤተ ክርስቲያን በር ትጠይቃቸዋለች። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ በአንድ በር እየወጣ ነው። ሁለተኛ በር ቢከፈት፣ ጠባብም ቢሆን፣ መውጣቱ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል? ሁሉም ይፈጥናል ይላሉ። እንግዲያው ፓራለል ሁለተኛ በር ነው፤ ጠቅላላው ሬዚስታንስ ከትንሿ ከ20 ማነስ አለበት። ይህን የያዘ ልጅ 50 ሲመጣበት ራሱ ያጠፋዋል። 1/12ን ግን ይህ ብቻውን አያጠፋውም፤ 1/12ም ከ20 ያንሳልና። ለእሱ አሃዱን ታስጽፋቸዋለች፦ 1/R በኦም አይለካም፣ የተገለበጠ ነው። አሃድ ጽፎ የሚሠራ ልጅ መገልበጡን አይረሳም።

ስለዚህ የእኔ ቅደም ተከተል ተገለበጠ። መጀመሪያ ቅዳሜ ክፍልፋይ፣ ከዚያ እሑድ ፊዚክስ ብዬ ነበር። እሷ የምትለው ፊዚክሱ ይቅደም ነው፤ ልጁ መልሱ ስንት አካባቢ መሆን እንዳለበት ገምቶ ወደ ስሌቱ ይምጣ። ሊሚቱም ላይ ይሠራል። የ(x² + 9)/(x + 3)ን መልስ 6 ያለ ልጅ x = 3ን ቀጥታ ቢያስገባ 18/6፣ 3 ያገኝ ነበር።

ለመገናኘቱ እሺ ብላኛለች። ግን አንድ እንቅፋት አለ። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት የሥራ ውል ላይ ያለ ፈቃድ ውጭ ማስተማር አይቻልም የሚል አንቀጽ አለ። በቃል «ችግር የለውም» ያሏት አሉ፤ በጽሑፍ የሰጣት ግን የለም። በጽሑፍ ትጠይቃለች። መልሱ ሳይመጣ ክፍሉን አንከራይም፣ ከወላጅም ገንዘብ አንቀበልም። ባለክፍሉ ቀብድ እየጠየቁኝ ስለሆነ ሊያመልጠን ይችላል። ያምልጥ።

አራተኛ ጥያቄም ጨመረች። ወላጅ መጥቶ «የልጄን 7ኛ ክፍል ተዉትና የብሔራዊ ፈተና ጥያቄ ብቻ አሠሩልኝ» ቢለን ምን እንላለን? ይህ እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። መልስ የለኝም። ዝርዝሩ ላይ አስገብቼዋለሁ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ። ለምክክሩ ዝግጅት

ሁለታችን ብቻ ስለሆንን ሥርዓት አያስፈልገንም ብዬ ነበር። ግን በየስብሰባው የማየው ነገር አለ። ቀድሞ የተናገረ ሰው ሐሳብ ወንበሩን ይይዛል፤ ሌላው የራሱን ትቶ እሱን ማሻሻል ይጀምራል። እኛ ደግሞ እኔ ወሬኛ፣ እሷ ዝምተኛ ነን። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ሳንነጋገር በየወረቀታችን እንጽፋለን። ከዚያ ተራ በተራ እናነባለን፤ እስኪያልቅ ድረስ «ይህ አይሆንም» አይባልም። ከዚያ ብቻ እንመርጣለን። አራት ጥያቄ በየ25 ደቂቃው 100 ደቂቃ ነው። ለቡና 20 ደቂቃ ይተርፋል።

የሽርክናውን ነገር ሆን ብዬ አውጥቼዋለሁ። አንድ የሕግ ትምህርት ያለው ዘመዴ የንግድ ሕጉ ላይ የእሽሙር ማኅበር የሚባል እንዳለ ነግሮኛል፤ በአባላቱ መካከል ብቻ የሚታወቅ፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት የሌለው ሽርክና ነው። ለእኛ ይስማማል ወይ፣ የንግድ ፈቃድና ግብሩስ እንዴት ይሆናል የሚለውን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለብን። ግን ምን እንደምናስተምር ሳንስማማ እዚያ ከገባን ሁለቱም ሰዓት በእሱ ያልቃል። ለሌላ ቀን።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ጓደኛዬ የመለያ ፈተናውን 7ኛ ጥያቄ አሻሽላ ላከችልኝ። አሁን ሁለት ክፍል አላት። ሀ፦ ሳታሰሉ ገምቱ፣ ጠቅላላው ከ20 ኦም ይበልጣል፣ ያንሳል ወይስ እኩል ነው? ለምን? ለ፦ አሁን አስሉት። ሥዕሉን በማስመሪያ ሠርታዋለች። ሀን በትክክል መልሶ ለን የሳተ ልጅ የእኔ ነው፤ ሀን የሳተ የእሷ ነው።

ነገ ስድስቱን ልጆች ይህችን አንድ ጥያቄ ብቻ በእስክሪብቶ አሠራቸዋለሁ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ስድስት ገጽ ኮፒ፣ 24 ብር። ወረቀቶቹን ሳላርማቸው ለቅዳሜ አስቀምጣቸዋለሁ፤ አብረን እናርማቸዋለን። ከትምህርት ቤቷ የጽሑፍ መልስ ገና አልመጣም።